እናቷ ላረፉባት ባልደረባ ምን ብለን እንጻፍ?

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ይለጠፋል፦ «የባልደረባችን እናት ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።» ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ አርባ ሰው ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። አንዳንዱ ከላይ ያለውን ቀድቶ ይለጥፋል፤ አንዳንዱ የተጋጠሙ መዳፎችን ምስል ብቻ ይልካል። ሐዘንተኛዋ ይህን የምታየው ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ሲቀልላት፣ ምናልባትም እንቅልፍ እምቢ ባላት ሌሊት ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ ታነባለች። ማን እንደጻፈና ማን ዝም እንዳለ ታውቃለች። ቃሉ ግን የሁሉም አንድ ስለሆነ ማን ምን እንዳላት ለይታ አታስታውስም።

ይህ የሚሆነው ባልደረቦቿ ስላላዘኑ አይደለም። ብዙዎቹ ስልካቸውን ይዘው ጽፈዋል፣ አጥፍተዋል፣ እንደገና ጽፈዋል። በሐዘን ላይ ሌላ ስሕተት እንዳይጨምሩ ፈርተው በመጨረሻ ሁሉም ወደሚያውቀው ቃል ተመልሰዋል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሆኖም አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው ሳይሳሳት የራሱን ቃል መጻፍ ይችላል።

ቃሉ ብቻውን ሲሄድ

ለቅሶ ቤት ስንገባ የምንለው ያው ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቀና ጎንበስ ብለን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እንላለን፤ ባዶ ወንበር ፈልገን እንቀመጣለን፤ ቡና ከመጣ እንጠጣለን፤ ሰዓት ያህል ቆይተን ወጥተን እንሄዳለን። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል ተናገረ ብሎ የተቀየመ ሐዘንተኛ የለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ከማያውቀው ዘመድ መሐል ዝም ብሎ መቀመጡ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቃሉ አጭርና የታወቀ ቢሆንም የሚሸከመው የመጣው ሰው ነው።

በስልክ ስንልከው ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። መቀመጡም፣ መንገዱም፣ ፊቱም አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ጽሑፉ መቀመጣችን ይናገር የነበረውን በራሱ መናገር አለበት፦ እናትሽ ለእኔም ሰው ነበሩ፣ አንቺ በሌለሽበት የሚጎድለውን እኔ ይዤዋለሁ፣ እመጣለሁ።

ሌላው ችግር የምንበደረው ቋንቋ ነው። «ከዚህ ዓለም በሞት መለየት»፣ «ጥልቅ ሐዘን»፣ «ለቤተሰቦቻቸውና ለወዳጅ ዘመዶቻቸው መጽናናትን እንመኛለን» የሚሉት ቃላት የጋዜጣ የሐዘን መግለጫና የማስታወቂያ ሰሌዳ ቃላት ናቸው። አንድ ድርጅት በማኅተም አስደግፎ ለሕዝብ ሲናገር ያምራሉ፤ ለዚያም የተሠሩ ናቸው። የሚያወሩት ስለ ሐዘንተኛዋ እንጂ ከእሷ ጋር አይደለም። በየቀኑ አብሯት ምሳ የሚበላ ሰው እነዚህን ሲጽፍላት ሳያስበው ከእሷ ይርቃል።

ጸሎቱን እናስወጣ ማለት ግን አይደለም። «ነፍሳቸውን ይማር» ከልብ የሚጸለይ ጸሎት ነው፤ ቦታው ላይ አንድ ጊዜ ይግባ። መልእክቱ እሱን ብቻ ይዞ አይሂድ ነው የምለው። ደግሞም መልእክት ለቅሶ መድረስን አይተካም። የሚጠቅመው መድረስ እስክንችል ባለው ጊዜ፣ ባልደረባችን ለቀብር ክፍለ ሀገር ስትሄድ ወይም እኛ ራሳችን ሩቅ ስንሆን ነው።

አስቀድሞ፦ መርዶው ተነግሯታል?

ከቃላት ምርጫ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። በእኛ አገር የወላጅ ሞት ለልጅ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተጨምሮበት፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የምትኖር ልጅ ከሆነች ደግሞ ቤተሰቡ እዚያ ላለ ወዳጅ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይደውላል፤ እነሱ ከሥራ እስክትወጣ፣ አንዳንዴም የዕረፍት ቀኗ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከሞቱ እስከ መርዶው ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ።

በዚህ መሐል መሥሪያ ቤቱ ከእሷ ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። ወንድሟ ለአለቃዋ ደውሎ «ለሥራ ጉዳይ አስመስላችሁ ወደ ቤት ላኳት» ብሎ ይሆናል። ያገሯ ልጅ የሆነ ባልደረባ ከፌስቡክ አይቶ ይሆናል። በዚህ ሰዓት የሚላክ አንድ «ነፍስ ይማር» ራሱ መርዶ ይሆናል፤ ልጅቷም ብቻዋን፣ ምናልባትም አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ታነበዋለች። ስለዚህ ወሬውን የነገረንን ሰው መጀመሪያ የምንጠይቀው «እሷ ሰምታለች?» ብለን ነው። ራሷ ከነገረችን፣ ወይም ከቀብሩ ላይ መሆኗን ካወቅን እንጽፋለን። ካላረጋገጥን ምንም አንጽፍም፤ በግሩፕም አንለጥፍም። «ደህና ነሽ?» ብለን መደወልም ቢሆን ያስጠረጥራል።

ሁለተኛው ማጣራት ያረፈው ማን እንደሆነ ነው። አያት ወይም አክስት ያሳደገው ሰው ብዙ ነው፤ «እማዬ» እያለች ታወራ የነበረው ስለ አያቷ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ መሳሳት ያሳዝናል፤ አንድ ሰው በመጠየቅ ደግሞ በቀላሉ ይጠራል። የሞቱን ምክንያት ግን አንጠይቅም። «ምን ሆነው ነው?» የሚለው ጥያቄ በለቅሶ ቤት በሰው ሁሉ የሚደጋገም ስለሆነ በጽሑፍም ተጨማሪ ልናስወራት አይገባም።

አንድ መልእክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠው ይሠራሉ። ስሟን ትዕግሥት እንበላት። እናቷ ደሴ ይኖራሉ፤ ለወራት ታመው ቆይተዋል፤ ሰኔ 18 ቀን አረፉ። ትዕግሥት በሌሊት ወደ ደሴ ሄዳለች። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ ደግሞ በእሷ እጅ ነበር። ባልደረባዋ ስልኩን አንሥቶ መጀመሪያ እንዲህ ይጽፋል፦

«በውድ እናትሽ ድንገተኛ ኅልፈት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽሁ ለአንቺና ለመላው ቤተሰብሽ መጽናናትን እመኛለሁ።»

ሲያነበው «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ይቆረቁረዋል። ድንገተኛ አልነበረም፤ ትዕግሥት እናቷን ለማየት ደሴ ስትመላለስ ያየው እሱ ነው። ቃሉ የገባው ከ«ኅልፈት» ጋር ተያይዞ መጥቶ ነው። የተዘጋጀ ቃል እንዲህ ያስታል፤ የምናውቀውን እንኳ ያስረሳናል። አጥፍቶ ሁለተኛውን ይጽፋል፦

«እህቴ አይዞሽ፣ ጠንክሪ። ሞት ለማንም አይቀርም። እናትሽ ዕድሜ ጠግበው፣ ወግ ማዕረግ አይተው ነው ያረፉት። እኔም አባቴ ሲሞት እንደዚሁ ሆኜ ነበር፤ ጊዜ ሁሉንም ያስረሳል። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ይኼኛው ከመጀመሪያው ይሞቃል፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ከሐዘንተኛዋ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ጠንክሪ» ማልቀስ በሚገባት ሰዓት እንዳታለቅስ ያዛታል። «ዕድሜ ጠግበው» ሐዘኗ ከልክ እንዳያልፍ ይመጥንባታል፤ ይህን ማለት የሚችሉ ካሉ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። የራሱ አባት ሞት ወሬውን ወደ እሱ ያዞረዋል፤ እሷም በተራዋ እሱን ማጽናናት ሊኖርባት ነው። «ጊዜ ያስረሳል» ደግሞ እናቷን እንደምትረሳ ይነግራታል፤ በዚያች ቀን ይህን መስማት አትፈልግም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቅን ቢሆንም ሥራ ይሰጣታል። ምን እንደሚያስፈልጋት አስባ፣ ይሉኝታዋን አሸንፋ፣ መጠየቅ አለባት። እሷ ደግሞ አትጠይቅም።

አሁን ሦስተኛውን ከመጻፉ በፊት ለራሱ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ስለ እኚህ ሴት እኔ ብቻ የማውቀው ምንድን ነው? እናትየዋን አንድም ቀን አላያቸውም። ግን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የትዕግሥት ስልክ ሲጠራ ሰምቷል። እንዲህ ይጽፋል፦

«ትዕግሥት፣ እናትሽ ማረፋቸውን አሁን ሰማሁ፤ በጣም አዘንኩ። በምሳ ሰዓት ደውለው ‹በላሽ ወይ?› ሲሉሽ ድምፃቸው እኔ ጋ ይደርስ ነበር፤ ሳይደውሉ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። የሰኔን የባንክ ማስታረቅ እኔ ይዤዋለሁ፤ ለኃላፊያችንም ነግሬያለሁ፣ አታስቢው። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ። መልስ ለመጻፍ አትቸገሪ።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስልኩን ወደ ታች ሳያንሸራትቱ ይነበባል። የመጀመሪያው ወሬውን መስማቱንና ማዘኑን በተራ ቃል ይናገራል። «አዘንኩ» ይበቃል፤ «ጥልቅ» እና «እጅግ መሪር» ቢጨመሩበት ሐዘኑ አይበዛም።

ሁለተኛው የመልእክቱ ልብ ነው። ዘመድ አዝማድ እናትየዋን በደሴ ኑሯቸው ያውቃቸዋል፤ በልጃቸው የሥራ ቀን ውስጥ የነበራቸውን ቦታ ግን የሚያውቀው አጠገቧ የሚቀመጠው ሰው ነው። የሥራ ባልደረባ ለሐዘንተኛ ሊሰጥ የሚችለው ከሁሉ የተለየ ነገር ይህ ነው፤ ከሌላ ከማንም አታገኘውም። አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ሁለትና ሦስት ከተደረደሩ ጽሑፉ የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይሆናል። ነገሩ እውነት መሆን አለበት፤ ማሳመሪያ ተጨምሮበት ከሆነ ልጅየዋ ወዲያው ታውቃለች። በሚስጥር የተነገረ፣ ስለ ሕመማቸው ወይም ስለ ቤተሰቡ ጠብ የሚያነሣ ከሆነም ይቅር።

ሦስተኛው ሥራዋን ያቃልላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለጊዜው ነው፦ «እይዘዋለሁ» ሳይሆን «ይዤዋለሁ» ይላል። መጀመሪያ ፋይሉን ተረክቦ፣ ለኃላፊው ነግሮ፣ ከዚያ ነው የጻፈው። ባዶ ተስፋ ከሆነ ትዕግሥት ከደሴ ሆና በሰኔ 28 መደወሏ አይቀርም። አራተኛው ጸሎቱ ነው፤ ከእውነተኛው ትዝታ ቀጥሎ ስለመጣ የማን ነፍስ እንደሆነ ይታወቃል። አምስተኛው የሚመጣበትን ቀን ይናገራል፤ መምጣት የማይችል ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ይተወዋል እንጂ «ሲመቸኝ ብቅ እላለሁ» አይልም። የመጨረሻው ከይሉኝታ ያወጣታል፤ ያለዚያ ለአርባ ሰው «አመሰግናለሁ» ስትጽፍ ማምሸቷ ነው።

ወላጁን ጨርሶ ካላወቅን

ስለ ወላጅየው አንድም ነገር የማናውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ የማናውቃቸውን ሰው «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለሁሉም አሳቢ» እያልን ብናወድስ ፈጠራችን ያስታውቃል። ያየነው ልጁን ነውና ስለ ልጁ ያየነውን እንጽፋለን። አባቱ ለሞተበት የፋብሪካ ባልደረባ፦

«ወንድሜ፣ የአባትህን ማረፍ ዛሬ ሰማሁ፤ አዘንኩልህ። ክረምቱን በሙሉ ቀን ቀን እሳቸውን ሐኪም ቤት ለማመላለስ የሌሊት ፈረቃ ስትቀያየር አይቻለሁ። ልጅ ለአባቱ የሚያደርገውን አድርገህላቸዋል። የእሑዱን ፈረቃህን እኔ እገባለሁ፤ አለቃም ያውቃል።»

እዚህ ሕመሙ ቢነሣም ሁሉም የፈረቃ ጓደኛ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሚስጥር አልወጣም። ታምሞ የቆየ ወላጅ የሞተበት ሰው «ምናልባት ያላደረግኩት ነገር ይኖር ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። በዓይን የታየ ማስረጃ ይዞ «አድርገሃል» የሚለው ባልደረባ ለዚያ ጥያቄ ትንሽ መልስ ይሰጠዋል። ከሌላ ክፍል የሆነና ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጠው ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ «የአባትህን ማረፍ ሰምቼ አዘንኩ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ማቆም ያልነበረ ቅርበት ከማስመሰል ይሻላል።

እምነቱንና ማዕረጉን ማወቅ

ጸሎቱ የሐዘንተኛው እንጂ የጸሐፊው ብቻ መሆን የለበትም። «ነፍስ ይማር» በኦርቶዶክሱ ዘንድ የታወቀ ነው። ፕሮቴስታንት ባልደረባ ግን ለሞተ ሰው ነፍስ ስለማይጸልይ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ይቀርበዋል። ለሙስሊም ባልደረባ «አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» ይባላል፤ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም መልእክቱም ሆነ መድረሱ ሳይውል ሳያድር ቢሆን ይመረጣል። እምነቱን ካላወቅን «ያጽናህ» የማንንም ጆሮ አይቆረቁርም።

ለአለቃ ሲጻፍ በ«እርስዎ» ይሁን እንጂ ይዘቱ አይለወጥ፤ አለቃም እናቱ ሲሞቱ ልጅ ነው። አለቃ ለሠራተኛው ሲጽፍ ግን አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት አለበት፤ ስለ ፈቃዱ በግልጽ መናገር አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቀብሩ ሩቅ አገር ከሆነ ግን ሦስቱ ቀን በመንገድና በሰልስት ያልቃል። ሠራተኛዋ ከድንኳኑ ውስጥ ሆና «ስንት ቀን ቀረኝ?» እያለች እንዳትቆጥር አለቃው «ሦስቱ ቀን የሐዘን ፈቃድሽ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትቆዪውን ከዓመት ፈቃድሽ እናስበዋለን፣ ወረቀቱን ስትመለሺ ትሞያለሽ» ብሎ ቢጽፍ የሚጠበቅበትን አደረገ። በመልእክቱ ውስጥ «መቼ ትመለሻለሽ?» የሚል ጥያቄ ግን አይገባም።

በቢሮ የተዋጣው ገንዘብም በመልእክት አይነሣም፤ አንድ ሰው በእጁ ያደርሰዋል። በግሩፕ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ወክሎ ቢጽፍና የቀብሩን ቦታና ሰዓት ቢያሳውቅ ይበቃል፤ ሌላው የራሱን መልእክት ለብቻዋ ይላክላት።

ከሰልስት በኋላ

በመጀመሪያው ቀን የሚደርሳት መልእክት ከብዙ መልእክት መሐል አንዱ ነው። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ ስልኩ ጸጥ ይላል፤ ትዕግሥትም ወደ ቢሮ ትመለሳለች። በዚያ ጠዋት ሁሉም ሰው በየጠረጴዛው ተነሥቶ ቢያስለቅሳት ሥራዋን መጀመር አትችልም። አጠገቧ የሚቀመጠው ሰው ከማታው አንድ መስመር ሊጽፍላት ይችላል፦ «ነገ ጠዋት በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ አብረን እንገባለን።» ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ እንደማይጠራም እሱ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ብቻዋን እንዳትሆን ምሳ ይጥራት።

ከዚያ አርባው አለ። በመሥሪያ ቤት አርባን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው፤ ያስታወሰ ሰው ግን ይታወሳል። ወሬውን በሰማንበት ዕለት ቆጥሮ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር አንድ ደቂቃ አይወስድም። ያረፉበት ሰኔ 18 እንደ አንድ ከተቆጠረ አርባው ሐምሌ 27 ይውላል። በዋዜማው የሚላከው ከመጀመሪያውም ያጥራል፦

«ትዕግሥት፣ ነገ የእናትሽ አርባ መሆኑን አልረሳሁም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እገኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ስብሰባ ደግሞ እኔ እገባልሻለሁ።»

ከመላካችን በፊት ሁሉንም መልእክት በአንድ ነገር እንፈትነው። ስሟን አውጥተን የሌላ ባልደረባ ስም እናስገባበት። ሳይለወጥ ለዚያም ሰው የሚሄድ ከሆነ ገና አልተጻፈም፤ ስለ እናቷ ወይም ስለ እሷ የምናውቀውን አንድ ነገር አስታውሰን እንጨምርበት። የማይሄድ ከሆነ ድምፃችንን አውጥተን አንድ ጊዜ እናንብበውና እንላከው።